የጀሪካን ውሃ በብርድ አገር እንዴት ይታከማል፦ ክሎሪን፣ ማፍላት፣ ማጣሪያ

ይሄን የምፅፈው በተለይ ለደጋው ሰው ነው፣ ደብረ ብርሃን፣ አንኮበር ላዩን፣ መንዝ ላላችሁ። ምክንያቱም የክሎሪኑ ጠርሙስ ላይ «30 ደቂቃ ጠብቁ» ሚለው ነገር ለብ ላለ ውሃ ነው ሚሰራው፣ የኛ የጠዋት ውሃ ደሞ እጅ ያደነዝዛል። የማፍላቱም ነገር እንደዛው፣ ሸዋ ሮቢት ያለ ሰው ሚያፈላበት ደቂቃና እዚህ ላይ ሚያስፈልገው ደቂቃ አንድ አይደለም።

ነገሩን ያስተዋልኩት ያለፈው ክረምት አክስቴ ቤት ነው። ከደብረ ብርሃን ትንሽ ወጣ ብላ ነው ምትኖረው፣ ከባሏና ከሶስት ልጆቿ ጋር አምስት ናቸው፣ ትንሹ ሁለት አመቱ ነው። ቧንቧው በፈረቃ ነው ሚመጣው፣ ሲጠፋ ከምንጭ ይቀዳሉ። ትንሹ ልጅ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሶስቴ ተቅማጥ ያዘው፣ እሷ ደሞ «አንተ ልጅ፣ እኔ እኮ ውሃ አጋር ጨምሬበታለሁ፣ አፍልቼም እሰጠዋለሁ፣ ከዚ በላይ ምን ላርግ!» ትለኛለች። እውነቷን ነው፣ ትጨምራለች፣ ታፈላለችም። ግን አንድ ቀን ሙሉ ቁጭ ብዬ ሳያት ሶስት ቀዳዳ አገኘሁ። ክሎሪኑን እንደ ሻይ በወተት ቀልቶ በመጣ ውሃ ላይ ጨምራ አስር ደቂቃ ሳይሞላ ነው ሚጠጣው፣ ያፈላችውን ውሃ እንስራ ውስጥ ገልብጣ በጣሳ ነው ሚጨለፈው፣ በሶውን ደሞ ምትበጠብጠው ባልታከመው ውሃ ነው። ሶስተኛውን ስነግራት ሳቀች፣ «በሶ እኮ ምግብ ነው» አለች። ምግብ ነው፣ ግን ገብሱ ተቆልቶ ተፈጭቶ ያበቃለት ነው፣ ከዛ በኋላ እሳት አያገኘውም፣ ያለው ጥሬ ውሃ ነው፣ ስለዚ በሶ የበላ ልጅ ያንን ውሃ ጠጣ ማለት ነው።

እንግዲህ ከመጀመሪያው እንጀምር።

መጀመሪያ ውሃው ጥርት ያለ ነው ወይስ ድፍርስ?

ይሄን ሳታውቁ ክሎሪን አትጨምሩ። ልጣፉ የተላጠ ነጭ የሃይላንድ ጠርሙስ ውሰዱ፣ ውሃውን ሙሉት፣ ከኋላው የልጆች ደብተር ወይ ጋዜጣ አድርጋችሁ በጠርሙሱ ውስጥ ለማየት ሞክሩ። ፅሁፉ በደንብ ከተለየ ጥርት ያለ ነው፣ ጥቁር ጥላ ብቻ ከሆነ ድፍርስ ነው።

ለምን መሰላችሁ፣ ክሎሪን ተህዋሲያኑን ብቻ መርጦ አይገልም፣ ያገኘውን አፈር፣ የበሰበሰ ቅጠል፣ እበት ሁሉ ይታገላል፣ ሲታገልም ያልቃል። ድፍርስ ውሃ ውስጥ አንድ ክዳን ብትጨምሩ ጭቃው ይበላውና ለጀርሙ ሚተርፍ አይኖርም፣ ጀርሙ ደሞ ደቃቅ አፈር ውስጥ ተሸጉጦ ይተርፋል። የአክስቴ ክሎሪን እዛ ነው ሲያልቅ የነበረው።

ድፍርስ ከሆነ አሳድሩት። ማታ የቀዳችሁትን ባልዲ ወይ ጀሪካን ማይነቃነቅ ቦታ ክዳኑን ገጥማችሁ አስቀምጡት፣ ጠዋት ታች ዝቃጩ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። ሳታናውጡ ከላይ ከላዩን ወደ ሌላ ንፁህ ጀሪካን ገልብጡ፣ አፉ ላይ የታጠበ ነጠላ አራት ላይ አጥፋችሁ አድርጉ። የታችኛውን አራት አምስት ጣት ሚሆን አትንኩት፣ ለጓሮ ይሁን። ነጠላው ጀርም አያጣራም፣ ስራው ጭቃውንና ቆሻሻውን ማስቀረት ብቻ ነው፣ ስለዚ «አጥልዬዋለሁ» ብሎ መጠጣት አይቻልም። ነጠላውም በየጊዜው በሳሙና ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣ።

የቧንቧ ውሃም ቢሆን በፈረቃ ሚመጣ ከሆነ አትመኑት። ውሃው ሲጠፋ ቱቦው ባዶ ይሆናል፣ ባዶ ሲሆን በተሰነጠቀበት በኩል ከመሬት ውስጥ ያለውን እርጥበት ይስባል፣ ስለዚ ሲመለስ መጀመሪያ ሚመጣው ያንን ይዞ ነው። ጥርት እስኪል ለልብስ ቅዱት፣ ከዛ በኋላ ያለው ለመጠጥ ይሁን፣ እሱንም አክሙት።

ክሎሪን አጨማመር

እዚህ የማወራው 1.25 ፐርሰንት ስለሆነው ፈሳሽ ነው፣ ጠርሙሱ ላይ ተፅፏል። የሱ መጠን ጥርት ላለ 20 ሊትር ጀሪካን 3 ሚሊ ሊትር ነው፣ ከተጠለለ በኋላም ትንሽ ዳመና ላለው 6 ሚሊ ሊትር። በክዳኑ ነው ሚለካው ግን ክዳኑ ይጠፋል፣ ወይ ከሌላ ጠርሙስ ክዳን ጋር ይቀያየራል (አክስቴ ቤት የዘይት ጠርሙስ ክዳን ነበር የተገጠመለት፣ ልኩን ማን ያውቃል)። ስለዚ ከፋርማሲ መርፌ የሌለው 5 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ግዙ፣ ከጠርሙሱ ጋር በላስቲክ እሰሩት፣ ለሌላ ስራ አይዋል። ሌላ ጥንካሬ ያለው ፈሳሽ ከሆነ ወይ እንክብል ከሆነ ደሞ የራሱ ወረቀት ላይ ያለውን ነው ምትከተሉት፣ እንክብል አንዱ ለ20 ሊትር ሌላው ለ10 ወይ ከዛ ላነሰ ሊሆን ይችላል፣ በአይን ይመሳሰላሉ።

ከዛ እንዲህ ነው፦

1. ጀሪካኑን ከአፉ ትንሽ ጎደል አርጋችሁ ሙሉ፣ ለማናወጥ ቦታ እንዲኖረው።

2. ክሎሪኑን ጨምሩ፣ ክዳኑን ግጠሙ፣ ጀሪካኑን አጋድማችሁ ወዲህ ወዲያ አንከባሉት። ከዛ ክዳኑን በጥቂቱ አላሉትና ትንሽ ውሃ በአፉ ዙሪያ እንዲወጣ አድርጉ። እጅ የነካው አፍና ክዳን ራሱ በክሎሪኑ እንዲነካ ነው፣ ሰው ሚረሳው ይቺን ነው።

3. ጠብቁ። ውሃው ለብ ካለ 30 ደቂቃ በቂ ነው። እጅ ስትነክሩት ሚያቀዘቅዝ ከሆነ ግን 1 ሰዓት። ክሎሪን በብርድ ስራው ይዘገያል፣ አይበላሽም፣ ይዘገያል ብቻ። እኛ ጋ ከጥቅምት እስከ ታህሳስ ውርጩ ሲወርድ ጠዋት ሚቀዳ ውሃ ሁሉ በዚህ ውስጥ ነው፣ ክረምቱንም ጨምሩበት።

4. አሽትቱት። ትንሽ ውሃ በብርጭቆ ቀድታችሁ አሽትቱ፣ ቀለል ያለ የክሎሪን ሽታ ሊኖረው ይገባል። ሽታው ካለ ጀርሙን ጨርሶ የተረፈ ክሎሪን አለ ማለት ነው፣ የተረፈው ደሞ ውሃውን ለአንድ ቀን ያህል ይጠብቀዋል። ምንም ካልሸተተ ያንኑ መጠን ድገሙና ያንኑ ያህል ጠብቁ። ከተደገመም በኋላ ካልሸተተ ውሃው በጣም ቆሻሻ ነው፣ ወይ ክሎሪኑ ሞቷል፣ ሶስተኛ አትጨምሩ፣ ያንን ውሃ አፍሉት ወይ ሌላ ፈልጉ።

አራተኛው ላይ አንድ የኛ አገር ችግር አለ። ውሃ መቅጃ በወይራ ወይ በጥንጁት የታጠነ ከሆነ ጢሱ ያውዳችሁና ክሎሪኑ ይኑር አይኑር አይለይም። የታጠነ እንስራ ውሃ እኔም ስወድ ነው ያደግኩት፣ ግን ጢሱ መዓዛ ነው እንጂ ህክምና አይደለም። ሽታውን ጀሪካኑ ላይ እያለ ለዩ። እንስራው ራሱ ደሞ ክሎሪንን ይጨርሳል፣ ሸክላ ስለሆነ፣ ስለዚ የታከመ ውሃ እንስራ ውስጥ አድሮ ጠዋት ጥበቃ የለውም ማለት ይቻላል። የላስቲክ ጀሪካን ላይ ይቆይ።

ልጆች «ሸተተኝ» ብለው እምቢ ካሉ መጠኑን አትቀንሱባቸው። ከተጠበቀ በኋላ ለነሱ ሚሆነውን በንፁህ ጆግ ቀድታችሁ ለሰዓት ያህል ንፁህ ጨርቅ ጣል አርጋችሁበት አስቀምጡት፣ ሽታው ይበራል።

ጠርሙሱን መስኮት ላይ አታስቀምጡ። ፀሐይና ሙቀት ያደክመዋል፣ ጥላ ውስጥ፣ ልጅ ማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ፣ ሚያልፍበት ቀኑም ይታይ። በረኪና በዚህ ፈንታ ይሆናል ወይ ብላችሁ ምትጠይቁ አላችሁ፣ እኔ አልመክርም። በረኪና ለልብስ ነው ሚሰራው፣ ጥንካሬው ከጠርሙስ ጠርሙስ ይለያያል፣ ቆይቶም ከሆነ ይደክማል፣ አንዳንዱ ሽቶ አለበት፣ በግምት ጠብታ እየቆጠሩ ለልጅ መስጠት ጥሩ አይደለም።

ክሎሪን ማይችለው

ሁሉንም አይገልም። የኮሌራን ጀርም፣ ታይፎይድን፣ አብዛኛውን ተቅማጥ ሚያመጣ ባክቴሪያና ቫይረስ ይገላል። ጃርዲያ ላይ ግን ዘገምተኛ ነው፣ በተለይ በብርድ ውሃ፣ ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለውን ደሞ ቤት ውስጥ ምንጠቀመው መጠን ምንም አያደርገውም። ስለዚ ክሎሪኑን በትክክል እየጨመራችሁ ልጁ ሳምንት ሁለት ሳምንት ሚቆይ፣ ሚሸት፣ ሆድ ሚነፋ ተቅማጥ ከመላለሰው ጤና ጣቢያ ሰገራ አስመርምሩ፣ የሱን ውሃ ደሞ ወደ ማፍላት ቀይሩ።

ማፍላት

ማፍላት ሁሉንም ይገላል፣ ጃርዲያንም ያኛውንም። ድፍርስ ውሃም ላይ ይሰራል፣ ቢያንስ ተጠሎ ይፍላ እንጂ። ችግሩ ማገዶው ነው፣ ለአምስት ሰው ሚጠጣውን ሁሉ በኩበት አፍሉ ማለት ኩበት ጠፍጥፎ ለማያውቅ ሰው ነው ቀላል ሚሆነው። ስለዚ እኔ ምለው ለትንንሾቹ ልጆችና ለታመመ ሰው አፍሉ፣ ለሌላው ቤተሰብ ክሎሪን ይበቃል።

ደቂቃው እንዲህ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ውሃ በትንሽ ሙቀት ይፈላል። ደብረ ብርሃን ከባህር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ናት፣ ውሃ እዛ 100 ዲግሪ አይደርስም፣ 90 ገደማ ላይ ይፈላል። ባቄላ ንፍሮ እዚህ ላይ ቶሎ አልበስል ሚለው ለዚህ ነው። 90ም ጀርም ይገላል ግን ለጥንቃቄ ጊዜ ይጨመርበታል፣ ከ2,000 ሜትር በላይ 3 ደቂቃ፣ ከዛ በታች 1 ደቂቃ ነው ሚባለው። ከጣርማ በር ቁልቁል ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ከሆናችሁ 1 ደቂቃ፣ እኛ ጋ 3።

ደቂቃው ሚቆጠረው ግን ጠርዙ ላይ ትንንሽ አረፋ ሲያወጣ አይደለም፣ እሱ አየሩ ሲወጣ ነው። መላው ውሃ ከታች ወደላይ እየተገለባበጠ ሲንተከተክ፣ በማንኪያ ብታማስሉትም ማይቆም ሲሆን ነው ስልካችሁ ላይ 3 ደቂቃ ምትሞሉት። ከዛ በላይ ማንተክተክ ኩበት ማባከን ነው።

ከዛ ክዳኑን ሳትከፍቱ በራሱ ድስት ወይ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ይቀዝቅዝ። እዚህ ጋ ነው ብዙ ቤት ሚበላሸው። የፈላ ውሃ እንደ ክሎሪን ውሃ ሚጠብቀው ነገር ውስጡ የለም፣ ያልታጠበ እቃ ውስጥ ከገለበጣችሁት ወይ ጣሳ ከነከራችሁበት ወዲያው እንደ ጥሬ ውሃ ነው። የአክስቴ እንስራ አፉ ሰፊ ነው፣ ጣሳው ደሞ መሬት ላይ ነው ሚቀመጠው፣ ልጆቹ ከውጭ መጥተው እጃቸው እስከ አንጓ ገብቶ ነው ሚጨልፉት። ሶስት ደቂቃ የፈጀ ማገዶ በአንድ ጣሳ ሄደ። ስለዚ በፈላበት እቃ ይቆይ፣ ገልብጦ መቅዳት እንጂ መጨለፍ የለም፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ይለቅ። ጣዕሙ ሞተ ምትሉ ከንፁህ ጆግ ወደ ንፁህ ጆግ ሁለት ሶስቴ ገለባብጡት፣ አየር ሲገባው ይመለሳል።

ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ድንጋይ መሳይ ነገር ሲጋገር አትደንግጡ፣ ውሃው ውስጥ ያለ ኖራ ነው፣ አይጎዳም።

ማጣሪያ

አጭር ላርገው። ገበያ ላይ ያለው ብዙው ሁለት ባልዲ ሆኖ ላይኛው ውስጥ ነጭ የሸክላ ሻማ ያለበት ነው። ባክቴሪያንና ጃርዲያን ጥሩ አድርጎ ያስቀራል፣ ቫይረስ ግን በጣም ደቃቅ ስለሆነ ያመልጠዋል፣ ስለዚ ከተጣራ በኋላ ክሎሪን ብትጨምሩበት ሙሉ ይሆናል። መጀመሪያ ማጣራት ከዛ ክሎሪን ነው፣ ገልብጣችሁ አትስሩት። ሲዘገይ ሻማውን አውጥታችሁ በንፁህ ውሃ በለስላሳ ብሩሽ እሹት፣ ሳሙና አይነካውም። ሲዘገይ ሳይሆን ድንገት ሲፈጥን ነው መፍራት ያለባችሁ፣ ተሰንጥቋል ማለት ነው፣ ይቀየር። ውርጭ ባለበት ሌሊት ደሞ የረጠበ ሻማ በረንዳ ላይ አታሳድሩ፣ ውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ሲሰራ ይሰነጥቀዋል፣ በአይንም ላይታይ ይችላል።

ከሶስቱ አንዳቸውም ፍሎራይድ፣ ፀረ ተባይ ወይ ከፋብሪካ የወጣ ኬሚካል አያወጡም፣ እንደውም ማፍላት ውሃውን በትነት ስለሚቀንሰው ትንሽ ያጠነክረዋል። ከእርሻና ከፋብሪካ በታች ያለ ወንዝ ሲጠራ አትታለሉ።

አክስቴ ቤት አሁን እንዴት ነው

ሶስት ጀሪካን ለመጠጥ ብቻ ለየን፣ ዘይት ወይ ናፍጣ ወይ መድኃኒት ነክቷቸው ማያውቁ። ለብ ያለ ውሃ፣ ሳሙናና አንድ እፍኝ የታጠበ ጠጠር ከተን ደጋግመን አናወጥናቸው፣ ውስጡ አረንጓዴ ሚያዳልጠው ነገር እስኪለቅ፣ ከዛ አለቀለቅናቸው። ይሄ በየሳምንቱ ቅዳሜ ነው።

ሰኞ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ምንጭ ወርደው ይቀዳሉ፣ ድፍርስ ስለሆነ ያድራል። ማክሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ በነጠላ እያሳለፈች ወደ ሁለተኛው ጀሪካን ትገለብጣለች፣ በጠርሙስ ታያለች፣ አሁንም ትንሽ ዳመና ካለው 6 ሚሊ ሊትር፣ ከጠራ 3። ታንከባልለዋለች፣ 2 ሰዓት ላይ ታሸታለች፣ ከሸተተ አንገቱ ላይ ቀይ ክር ታስርበታለች። ቀይ ክር የሌለው ጀሪካን ለመጠጥ አይነካም፣ ይሄን ማንበብ ማይችለው ሁለተኛው ልጅ እንኳን ያውቀዋል። ከቀይ ክሩ በመገልበጥ ብቻ ይቀዳል፣ ከሱ ይጠጣል፣ በሶ ይበጠበጣል፣ ብርጭቆ ይለቀለቃል። እስከ ረቡዕ ጠዋት የተረፈ ካለ ክሩ ይፈታና እቃ ይታጠብበታል፣ ያኔ ደሞ ሶስተኛው ጀሪካን ተራው ነው። የትንሹ ልጅ ግን ማታ ከእራት በኋላ ምድጃው ሳይጠፋ ሁለት ሊትር ይፈላለታል፣ በማንቆርቆሪያው ያድራል። በጋ ላይ ውሃው ሲጠራ ማሳደሩ ቀርቶ ማታ ክሎሪን ጨምራ ትተኛለች፣ ሌሊቱን ሙሉ ስለሚቆይ ብርዱም አያሳስባትም።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት አንዱን ሰዓት መጠበቅ አልሆንላት ብሎ ነበር። «እትዬ ስንት ሰዓት ጨመርሽ?» ስላት «አሁን ነዋ!» ትላለች፣ ልጁ ብርጭቆ ይዞ ቆሟል። ችግሩ የቀን ጉድለት ነበር፣ ሁሌም አንድ ቀን የቀደመ ጀሪካን ከሌለ የተጠማ ልጅ ፊት ማንም አይጠብቅም፣ ሶስተኛው ጀሪካን የተጨመረው ለዛ ነው።

ትንሹ ከጳጉሜ ወዲህ አልታመመም። ውሃው ብቻ ነው ማለት አልችልም፣ ዝናቡም ቆሟል፣ ሽንት ቤቱ ጋ ሳሙናና ውሃ ማስቀመጥም ያኔ ነው የጀመሩት። መሀል ላይ ትልቋ ልጅ አንድ ቀን ሆዷን አሟት ኦአርኤስ ሲበጠበጥላት ግን አክስቴ ራሷ ከቀይ ክሩ አንድ ሊትር ለክታ ፓኬቱን ሙሉውን ስትጨምርበት አየሁ፣ በማግስቱ የተረፈውንም ደፍታ አዲስ በጠበጠች። እንደ ሩዝ ውሃ ነጭ ሆኖ ሚንዠቀዠቅ፣ ደም ያለበት፣ ወይ ልጁ አይኑ ጎድጉዶ መጠጣት ካቃተው ግን እቤት ተቀምጦ ውሃ ማከም አይደለም፣ ኦአርኤሱን መንገድ ላይ እያጠጡ ጤና ጣቢያ መሮጥ ነው። አተት ሲሆን ሰው በሰዓታት ውስጥ ነው ሚደክመው።